ፀሐይ የልደት ደቂቃን ስትደግም

ለሚያዝያ 13 ቀን 1943 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ለንደን ገና ተኝታ ሳለ፣ ፀሐይ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አንዲት ሕፃን ስትወለድ ወደነበረችበት የሰማይ ነጥብ ተመለሰች። ማንም አላያትም፤ በዚያ ሰዓት ከአድማስ በታች ነበረች። ሕፃኗ በኋላ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ተብለው የታወቁት ልዕልት ናቸው። ያ የልደት ዓመት ተጋምሶ ሳያልቅ፣ በጥር 28 ቀን 1944 ዓ.ም.፣ አባታቸው ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ አረፉና እሳቸው ኬንያ ውስጥ በጉብኝት ላይ እንዳሉ ዙፋኑን ወረሱ።

ኮከብ ቆጣሪዎች ፀሐይ ወደ ልደት ነጥቧ የምትመለስበትን ቅጽበት ይዘው የሰማይን ካርታ ይሥላሉ። ካርታው የፀሐይ ምልሰት ገበታ ይባላል፤ ከአንዱ ልደት እስከ ቀጣዩ ላለው ዓመት ብቻ ያገለግላል። የልደት ገበታ የሰውየውን ዕድሜ ሁሉ ይመለከታል ይላሉ፣ የምልሰት ገበታ ግን የዓመቱን ጉዳይ፦ ሥራ ነው? ቤተሰብ ነው? ሕመም ነው? ገንዘብ ነው? የዘንድሮው ሸክም ወይም ደስታ በየት በኩል ይመጣል? አንባቢ ቢያምንበትም ባያምንበትም፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚሰበር ለማየት የኤልሳቤጥ 25ኛ ዓመት ከማናቸውም ምሳሌ ይሻላል። የተወለዱበት ሰዓት በይፋ የታወቀ ነው፣ የዓመቱ ክስተትም ማንም የማይክደው ነው።

ለኛ አገር ሰው የዚህን ገበታ ሥር ለመረዳት ከጳጉሜን መነሣት ይቀላል። ፀሐይ ዙሯን የምትጨርሰው በ365 ቀን ብቻ አይደለም፤ 5 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ያህል ትጨምራለች። ሩብ ቀን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። የኛ የቀን መቁጠሪያ ይህችን ትርፍ ሩብ በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ዘመን እያጠራቀመ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 ያደርጋታል። ኮከብ ቆጣሪው ግን ማጠራቀም የለበትም፤ ሩቧን በየዓመቱ እጅ በእጅ ይቀበላል። አንድ ሰው ዘንድሮ ፀሐይ የተመለሰችለት ንጋት ላይ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት እኩለ ቀን አካባቢ፣ ከዚያ ምሽት ላይ፣ ከዚያም ሌሊት ላይ ትመለስለታለች። አንዳንዴ ሻማው ከሚጠፋበት ዕለት በፊት ባለው ቀን፣ አንዳንዴም በማግስቱ ይውላል።

ነገሩን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ይህ ሩብ ቀን ነው። ፀሐይ በየዓመቱ በዚያው ነጥብ ላይ ስለምትገኝ በራሷ ምንም አዲስ ነገር አትናገርም። ነገር ግን ምድር በሩብ ቀን ውስጥ የዙሯን ሩብ ትዞራለች፣ ስለዚህ በምሥራቅ አድማስ ላይ ብቅ የሚለው የሰማይ ክፍል በየዓመቱ ይለወጣል። ይህን ክፍል እዚህ ወጪ ኮከብ እንበለው። ገበታውን አሥራ ሁለት ቤት አድርጎ መቁጠር የሚጀመረው ከእሱ ነው፤ እሱ ሲለወጥ ቤቶቹ ሁሉ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ዘዴው የዛሬ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የሲዶናው ዶሮቴዎስ በግሪክኛ ግጥም ስለ ዓመታዊ ምልሰት ጽፏል፤ ሥራው በብዛት የተረፈልን በዐረብኛ ትርጉም ነው። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው አቡ መዕሸር ደግሞ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈው ስለዚሁ ጉዳይ ነበር፤ አውሮፓውያን በላቲን ተርጉመው የተማሩት ከእሱ ነው። አቡ መዕሸር ኮከቦቹን የሚጠራባቸው ስሞች ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደሉም፦ ሐመል፣ ሰውር፣ ጀውዛ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። የኛ ዐውደ ነገሥት እነዚህኑ የዐረብኛ ስሞች ይዟል። መንገዱ ግን ለየቅል ነው። በዐውደ ነገሥት የሰው ኮከብ የሚታወቀው የራሱና የእናቱ ስም ፊደላት ተቆጥረው፣ ለ12 ተካፍለው፣ በሚተርፈው ቁጥር ነው፤ ሰማይን ቀና ብሎ ማየት አያስፈልግም። የምልሰት ገበታ በአንጻሩ ያለ ሥነ ፈለክ ሠንጠረዥ አንድ እርምጃ አይራመድም። ስለዚህ በዐውደ ነገሥት «ኮከቤ አሰድ ነው» የሚል ሰው፣ በዚህኛው አቆጣጠር ሌላ ኮከብ ቢወጣለት ሊደነቅ አይገባም።

አሁን ወደ ለንደን እንመለስ።

ኤልሳቤጥ የተወለዱት ለሚያዝያ 13 ቀን 1918 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21፣ 1926) አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ለንደን ብሩተን ጎዳና ቁጥር 17 ነው። በዚያ ደቂቃ ፀሐይ ከሰውር መግቢያ ገና 12 የቅስት ደቂቃ ነበር የተጓዘችው። የቅስት ደቂቃ የዲግሪ አንድ ስልሳኛ ነው፤ ከሰዓቱ ደቂቃ ጋር እንዳይምታታ። ፀሐይ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል ስለምትሄድ አንዷን የቅስት ደቂቃ ለመሄድ ሃያ አራት የሰዓት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። ገበታ ሠሪው ማወቅ ያለበት ዋናው ሒሳብ ይኸው ነው።

በ1943ቱ ልደት፣ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ላይ፣ ፀሐይ ከሰውር መግቢያ ወደ 5 የቅስት ደቂቃ ደርሳ ነበር። 12 ለመድረስ 7 ይቀራታል። ሰባቱን በሃያ አራት ተኩል ስናባዛ 170 ደቂቃ ገደማ ይመጣል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሲደመር በግሪንዊች ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው መሆኑ ነው። ዛሬ ይህን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአንድ ጠቅታ ይሠራዋል፤ ቀድሞ ግን በየዕለቱ የፀሐይን ቦታ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ገልጦ በእርሳስ ማካፈል ግድ ነበር። በዚያ ቅጽበት በለንደን አድማስ ላይ ይወጣ የነበረው ደለዊ ነው፣ አጋማሹ አካባቢ።

ንባቡ እዚህ ይጀምራል። የዘመኑ አንባቢዎች መጀመሪያ የሚያዩት ፀሐይ የትኛው ቤት እንደወደቀች ነው። ደለዊን አንደኛ ቤት ብለን ስንቆጥር ሰውር አራተኛ ይሆናል። አራተኛው ቤት የወላጅ፣ የቤተሰብና የርስት ነው። ቀጥሎ የወጪው ኮከብ ጌታ ይፈለጋል። በጥንቱ ሥርዓት የደለዊ ጌታ ሳተርን ነው፣ ቀደምት መጻሕፍት ዙሐል የሚሉት፤ ጠባዩ ከባድ፣ ቀርፋፋ፣ የሽማግሌና የኃላፊነት። በዚያ ሌሊት ሳተርን የነበረው በሰንቡላ መጨረሻ አካባቢ ነው። ከደለዊ ሲቆጠር ሰንቡላ ስምንተኛ ቤት ነው። ስምንተኛው ቤት ደግሞ የሞትና ከሌላ ሰው ተላልፎ የሚመጣ ሀብት፣ ማለትም የውርስ ቤት ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። የጥንቶቹ ሊቃውንት የምልሰት ገበታን ለብቻው አያነቡም ነበር፤ መጀመሪያ የዓመቱን ጌታ ይሾማሉ። አሿሿሙ ቀላል ነው። በልደት ገበታ ላይ የነበረው ወጪ ኮከብ የመጀመሪያውን ዓመት ይገዛል፣ ቀጣዩ ኮከብ ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያለ በዐሥራ ሁለት ዓመት ዙሩ ያልቅና እንደ ገና ይጀመራል። ኤልሳቤጥ ሲወለዱ የወጣው ጀዲ ነበር። ሁለት ዙር 24 ዓመት ነው፤ በ24 ዓመታቸው ተራው ለጀዲ ተመለሰ፣ 25 ሲደፍኑ ለደለዊ ደረሰ። የደለዊ ጌታ ሳተርን ነውና የዓመቱ ጌታ ሳተርን ሆነ። በልደት ገበታቸውም ሳተርን የሰማዩ አናት ላይ፣ ሥልጣንና ክብር በሚነበብበት ሥፍራ ተቀምጦ ነበር።

ሁሉም ጣቶች ወደ አንድ ወገን ይጠቁማሉ። የዓመቱ ጌታ ሳተርን፣ የወጪው ጌታም ሳተርን፣ ሳተርን በሞትና በውርስ ቤት፣ ፀሐይ በወላጅ ቤት። አንድ የተማረ ኮከብ ቆጣሪ ይህን በ1943 ሚያዝያ ቢያየው ምን ይል ነበር? ጥሩው ሠራተኛ «አባትሽ ይሞታል» አይልም። «ዘንድሮ ከቤተሰብ በኩል ከባድ ኃላፊነት ይወርሻል፤ ካለፈ ትውልድ የሚተላለፍ ነገር አለ፤ ዓመቱ የጨዋታ አይደለም» ይል ይሆናል። የዓመቱ ጭብጥ የሚባለው ይኸው ነው፦ ክስተትን ሳይሆን የክስተትን ሰፈር መጠቆም። እንዲህ ያለ አነጋገር ለሰሚው ይመቻል፤ ለሚፈትነው ሰው ግን አስቸጋሪ ነው፣ ምክንያቱም ሰፈሩ ሰፊ ነው። አያት ቢያርፉ፣ የቤት ውርስ ክርክር ቢነሣ፣ ልዕልቲቱ አዲስ የመንግሥት ሥራ ቢሰጣቸው፣ ንባቡ «ልክ ነበር» ይባል ነበር።

እዚህ ላይ ደግሞ ያለ ገበታ የሚታየውን ማየት ተገቢ ነው። ንጉሡ ብርቱ ሕመምተኛ ነበሩ። በ1944 መስከረም በቀዶ ሕክምና አንድ ሳንባቸው ወጣ። ኤልሳቤጥ በዚያው መኸር ወደ ካናዳ ሲጓዙ ንጉሡ ድንገት ቢያርፉ የሚያስፈልጉት የዙፋን ሰነዶች ከጸሐፊያቸው ጋር አብረው ተጉዘዋል። ማለትም የቤተ መንግሥቱ ሰዎች የሚመጣውን ዓመት ያነበቡት ከሰማይ ሳይሆን ከሐኪም ፊት ነበር፣ በበለጠም ዝርዝር።

ሆኖም ከኋላ ዞር ብሎ ማንበብ ብቻ አይደለም ችግሩ። ያችን ያማረች ገበታ ትንሽ ነካ ስናደርጋት ምን እንደምትሆን እንይ።

መጀመሪያ ሰዓቱን። ኤልሳቤጥ ከመወለዳቸው ሦስት ቀን በፊት እንግሊዝ የበጋ ሰዓት ጀምራ ነበር፤ ሰዓቶች ሁሉ አንድ ሰዓት ወደፊት ተገፍተዋል። ስለዚህ የተመዘገበው 8 ሰዓት ከ40 በግሪንዊች 7 ሰዓት ከ40 ነው። ይህን የዘነጋ ገበታ ሠሪ አንድ ሰዓት ይስታል። የአንድ ሰዓት ስሕተት ታዲያ በልደቱ ላይ ብቻ አይቀርም። የፀሐይ ነጥብ በዚያው ልክ ስለሚዛባ የምልሰቱም ሰዓት በየዓመቱ አንድ ሰዓት ይዘገያል። ውጤቱ ይህ ነው፦ የልደቱ ወጪ ከጀዲ ወደ ደለዊ ይሻገራል፣ የ25ኛው ዓመት ጌታ ከሳተርን ወደ ጁፒተር ይዛወራል፣ የምልሰቱ ወጪም ሑት ይሆናል። ሳተርን ከስምንተኛው ቤት ይወጣና ሰባተኛው፣ የትዳርና የባልደረባ ቤት ውስጥ ይገባል። ከላይ የተሠራው ታሪክ ተነ።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ቦታው ቢቀየርስ? በዚያ ሚያዝያ ወር ኤልሳቤጥ ጣሊያንን እየጎበኙ ነበር፤ ሮም ውስጥም ከጳጳስ ፒዮስ ዐሥራ ሁለተኛ ጋር ተገናኝተዋል። ገበታው ለንደን ላይ ሳይሆን ሮም ላይ ቢሠራ፣ በዚያችው ቅጽበት አድማስ ላይ የሚወጣው ደለዊ ሳይሆን ሑት ነው። ሳተርን አሁንም ሰባተኛ ቤት። የትኛው ይያዝ? አንዱ ወገን የትውልድ ቦታ ነው ይላል፤ ሌላው ሰውየው በልደቱ ዕለት ያለበት፤ ሦስተኛው የሚኖርበት። ጣሊያናዊው ቺሮ ዲሼፖሎ ጉዳዩን እስከ ጫፍ አድርሶታል፦ ሰው በልደቱ ቀን መጥፎ ቤት የሚወድቅበትን ፕላኔት ለመሸሽ ሆን ብሎ ወደ ሌላ አገር ቢጓዝ ዓመቱን ማሻሻል ይችላል ይላል። የአውሮፕላን ቲኬት መዓት የሚመልስ ከሆነ ነገሩ ለአየር መንገዶች መልካም ዜና ነው። ግን ከባድ ጥያቄም ይወልዳል። አዲስ አበባ ተወልዶ ዋሽንግተን ለሚኖር ሰው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ከ115 ዲግሪ ይበልጣል፤ የክበቡ ሲሶ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የአንድ ሰው የአንድ ዓመት ሁለት ገበታዎች ጨርሶ አይተዋወቁም።

ሦስተኛው ቤቶቹን የመቁጠሪያ ዘዴ ነው። ከላይ የቆጠርነው እያንዳንዱን ኮከብ ሙሉ ቤት አድርጎ በሚይዘው በጥንቱ ስልት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ግን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው ጣሊያናዊ መነኩሴ በፕላሲዱስ ስም የሚጠራው፣ ቤቶችን በምድር ዙረት ጊዜ የሚከፍለው ዘዴ ነው። ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር በዚህ ዘዴ ቤቶቹ እኩል አይሆኑም፤ አንዱ ጠባብ አንዱ ሰፊ ይሆናል። በለንደን ሰዓት፣ በለንደን ቦታ፣ አንድም ስሕተት ሳይኖር፣ በፕላሲዱስ ስንቆጥር ሳተርን ሰባተኛው ቤት ውስጥ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ።

አንዳንድ አዋቂ ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ ሰባተኛውን ቤት እናንብበው፤ ትዳራቸው በዙፋን ምክንያት ተለወጠ፣ ባላቸው የባሕር ኃይል ሥራውን ተወ» ይላል። እውነት ነው፣ ልዑል ፊሊፕ የባሕር ኃይል ሕይወታቸውን ከዚያ ወዲህ መቀጠል አልቻሉም። ንባቡ እንደ ገና ገጠመ! የገጠመው ግን ከገበታው ይልቅ ከአንባቢው ችሎታ ነው። ለማንኛውም ቤት ታሪክ የሚገኝ ከሆነ ቤቶቹ ያመጡት መረጃ ምኑ ላይ ነው? ከመናገሩ በፊት የትኛውን ዘዴ እንደሚይዝ ያልወሰነ ኮከብ ቆጣሪ፣ ከክስተቱ በኋላ የሚስማማውን መምረጡ አይቀርም።

ሕንዶች ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። ታጂካ የሚባለው ዓመታዊ ንባባቸው ከፋርስና ከዐረብ ሊቃውንት የወረሱት ነው፤ ስሙም ያንን ይመሰክራል። ነገር ግን የፀሐይን መመለስ የሚለኩት ከወቅቶች ሳይሆን ከቋሚ ከዋክብት አንጻር ነው። የከዋክብቱ ዓመት ከወቅቱ ዓመት በ20 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። በአንድ ዓመት ቀላል ነው፤ በ25 ዓመት ግን ወደ ስምንት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። የኤልሳቤጥ ፀሐይ በዚህኛው አቆጣጠር የተመለሰችው ሌሊት ሳይሆን ረፋዱ ካለፈ በኋላ፣ ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ ነው። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ሁለቱ ገበታዎች እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ በ70 ዓመት ዕድሜ ልዩነቱ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆን ምንም አይቀረውም።

የዓመቱ ጌታ ዘዴም የራሱ ፈተና አለው። ዙሩ በየ12 ዓመቱ ስለሚደገም ሳተርን በ25 ብቻ ሳይሆን በ37ም የኤልሳቤጥ ዓመት ጌታ ነበር። በዚያ ዓመት የሆነው ትልቁ የቤተሰብ ነገር የመጨረሻ ልጃቸው ልዑል ኤድዋርድ መወለድ ነው፣ እ.ኤ.አ. ማርች 10፣ 1964። የዘዴው ወዳጆች «በዚያ ዓመት ምልሰቱ ሌላ ነበር» ብለው ይመልሳሉ፤ ልክም ናቸው፣ ወጪው በየዓመቱ ይለወጣል። በ1944ቱ ልደት ለምሳሌ ፀሐይ የተመለሰችው በዋዜማው፣ በሚያዝያ 12፣ ለንደን ላይ ጠዋት ነው፤ ያኔ የወጣው ሸርጣን ነበር። ከደለዊ ሸርጣን ሦስት ሳይሆን አምስት ኮከብ መዝለል ነው። ምድር የዞረችው ሩብ ብቻ ሆኖ ይህ የሆነው በሰሜን ኬክሮስ ላይ ከደለዊ እስከ ሰውር ያሉት ኮከቦች ቶሎ ቶሎ ስለሚወጡ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እዚህ ዝላዩ በየዓመቱ ወደ ሦስት ኮከብ የተጠጋና ይበልጥ እኩል ነው።

ገበታውን በኛ አገር ለመሥራት የሚሞክር ሰው ከሁሉ በፊት የሚገጥመው ግን የልደት ደቂቃ አለመገኘቱ ነው። እናት «ገና ዶሮ ሳይጮህ» ወይም «የቅዳሴ ደወል ሲደወል» ትል ይሆናል። ለፍቅር ይበቃል፤ ለገበታ አይበቃም። የአንድ ሰዓት ስሕተት ወጪውን በግማሽ ኮከብ ያህል እንደሚገፋ አይተናል። ከዚያ የከፋው ደግሞ የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የተባለውን ይዞ ፕሮግራሙ ላይ 8:00 ብሎ የጻፈ ሰው ስድስት ሰዓት ስቷል፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገው 2:00 ነው። ስድስት ሰዓት ሩብ ቀን ነውና በገበታው ላይ አንድ ዓመት ወደፊት እንደመዝለል ያህል ወጪውን ያዞረዋል። ምልክቱም ቀላል ነው፦ ሌሊት ተወልጃለሁ የሚል ሰው ገበታ ላይ ፀሐይ ከአድማስ በላይ፣ በላይኛው ግማሽ ክበብ ከታየች፣ ሰዓቱ ሳይለወጥ ገብቷል። ሌላው ስሕተት ዓመተ ምሕረቱን ሳይመልሱ መጻፍ ነው፤ ያኔ ፀሐይ ብቻ ሳትሆን ፕላኔቶቹ ሁሉ የሌላ ሰው ይሆናሉ።

ሳይንሱ ስለ ኮከብ ቆጠራ የሰጠው በጣም የታወቀ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1985 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው የሻውን ካርልሰን ጥናት ነው። ኮከብ ቆጣሪዎች የሰው የልደት ገበታ ተሰጥቷቸው ከሦስት የጠባይ መግለጫዎች የባለቤቱን እንዲለዩ ተጠየቁ። ግማሹን ያህል እንለያለን ብለው ነበር፤ የለዩት ግን ሲሶውን ገደማ፣ ማለትም ዐይን ጨፍኖ በመገመት የሚገኘውን ያህል ነው። ጥናቱ የፈተነው የልደት ገበታን እንጂ የምልሰት ገበታን አይደለም። ሐሳቡ ግን ለዚህም ይሆናል፣ ቤት ውስጥም ሊሠራ ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የልደት ሰዓቱን በጽሑፍ የያዘ፣ ሕይወቱ ውስጥ አንድ የማያሻማ ዓመት ያለው ሰው ይመረጥ፤ ያገባበት፣ ልጅ የወለደበት ወይም ወላጅ የቀበረበት። ከዚያ ዓመትና በዙሪያው ካሉ አራት ዓመታት አምስት የምልሰት ገበታዎች ይታተሙ። ቀን፣ ዓመተ ምሕረትና ዕድሜ በመቀስ ይቆረጥ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሳተርንና ጁፒተር በዝግታ ስለሚሄዱ ልምድ ያለው ሰው ከእነሱ ቦታ ብቻ ዓመቱን ሊያውቅ ይችላል፣ ስለዚህ አንባቢው የሰውየውን ማንነትም ሆነ ነገሩ የሆነበትን ዘመን ማወቅ የለበትም። የትኛውን የቤት አቆጣጠርና የትኛውን ከተማ እንደሚጠቀም አስቀድሞ ወረቀት ላይ ጽፎ ይፈርም። ከዚያ «ከአምስቱ የሠርጉ ዓመት የትኛው ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። በግምት ከአምስት አንዴ ይሳካል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ላይ መምታቱ ብዙም አይናገርም፣ ቢያንስ የሃያ ሰዎች ገበታ ያስፈልጋል። ከሃያው አራት አካባቢ ቢመታ የዕድል ሥራ ነው፤ ዐሥር ወይም ከዚያ በላይ ከመታ ግን ወረቀቶቹን ሳይጥሉ አስቀምጦ፣ ሌሎች ሃያ ሰዎች ፈልጎ በሌላ አንባቢ መድገም ነው።